46 ደጋፊ፣ 4 ደረጃ፣ እና እያለቀ ያለ ጊዜ፦ ምን ብጨምርላቸው ይቆያሉ?

ሰማይ_ጠባቂ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሌሊት ሰማይ በየሳምንቱ የሚወጣ ፖድካስት አለኝ። አንዱን ክፍል ወደ 1,100 ሰው ያደምጠዋል። ቁጥሩ ትልቅ አይደለም፣ ግን የሚያደምጠው ሰው ከልቡ ነው የሚያደምጠው። ዘግይቼ ከወጣሁ «ምነው ጠፋህ?» የሚል መልእክት ይመጣልኛል።

ወርሃዊ ደጋፊነት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ደረጃዎቹ አራት ናቸው። ባለ 3 ዶላሩ ስሙ በየክፍሉ መጀመሪያ ላይ ይነበባል። ባለ 7ቱ በወር ሁለት ተጨማሪ ክፍል ያገኛል። ባለ 15ቱ ያንን ጨምሮ በወፍራም ወረቀት የታተመ የወሩ የሰማይ ካርታ በፖስታ ይላክለታል። ባለ 40ው ደግሞ ሁሉንም ያገኝና በወር አንዴ ከእኔ ጋር ግማሽ ሰዓት ያወራል።

አሁን 46 ሰው አለ። እንደ ቅደም ተከተላቸው 19፣ 18፣ 7 እና 2። ድምሩ በወር 368 ዶላር ይሆናል፣ ኮሚሽኑ ሳይነሳ። ችግሩ ቁጥሩ እዚያው ቆሞ መቅረቱ ነው። በየወሩ አራት አምስት ሰው ይገባል፣ አራት አምስት ሰው ይወጣል።

ሥራው ግን እየበዛ ነው። ሁለቱ ተጨማሪ ክፍሎች ብቻ ከዝግጅት እስከ ኤዲት 18 ሰዓት ያህል ይወስዳሉ። ካርታ ማሳተምና መላክ፣ ቀጠሮ መያዝ፣ ስም ማንበብ ሲጨመር 25 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። የሚያናድደው ደግሞ ተጨማሪ ክፍሉ የሚገባቸው 27 ሰዎች ሆነው የሚያደምጡት ስምንት ወይ ዘጠኝ ብቻ ናቸው።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። ሰው እንዳይወጣ ምን ልጨምር? ልምድ ያላችሁ እስቲ አንድ በሉኝ።

---

ቶሎ_በል

ቀላል ነው ወንድሜ። ዋጋህ ነው። መግቢያውን አንድ ዶላር አድርገው። ከ1,100 ሰው 300ው አንድ ዶላር አይጠላም። 300 ዶላር ከዚያ ብቻ አገኘህ ማለት ነው። ሌላውን እንዳለ ተወው።

---

ደብተር_ያዥ

@ቶሎ_በል 300 ዶላር እጁ አይገባም። የተለመደውን የካርድ ክፍያ ሒሳብ ውሰድ። ከእያንዳንዱ ክፍያ 2.9 በመቶ እና 30 ሳንቲም ይቆረጣል። ከአንድ ዶላር ላይ ወደ 33 ሳንቲም ሄደ። መድረኩ 10 በመቶ ሲወስድ 57 ሳንቲም ቀረ። አንዳንድ መድረኮች ለትንንሽ ክፍያ ለየት ያለ ተመን አላቸው፣ እሱም ቢሆን ብዙ አያድንም። በ5 ዶላር ግን ከተቆረጠ በኋላ 4 ዶላር ከ5 ሳንቲም ይደርስሃል። ነገሩን የሚበላው መቶኛው አይደለም፣ ያቺ የማትንቀሳቀስ 30 ሳንቲም ናት።

የደጋፊነት መድረኩ ፓትሪዮን በታኅሣሥ 2017 ያጋጠመውን አስታውስ። ይህንን ወጪ ወደ ደጋፊው ለማዞር ብሎ በእያንዳንዱ ድጋፍ ላይ 2.9 በመቶ እና 35 ሳንቲም ሊጨምር ነበር። አንድ ዶላር የሚሰጥ ሰው 1.38 ሊከፍል ማለት ነው። ለአሥር ሰው አንድ አንድ ዶላር የሚሰጥ ደግሞ አሥር ጊዜ። ሰዉ ድጋፉን ማቋረጥ ሲጀምር ኩባንያው በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ሰርዞ ይቅርታ ጠየቀ።

ከዚያም በላይ ከ1,100 አድማጭ 300 ከፋይ ይገኛል ያልከውን ከየት አመጣኸው? አሁን 46 ነው፣ ከመቶ አራት ገደማ። ለዚህ ዓይነት ፕሮግራም መጥፎ አይደለም።

---

ቶሎ_በል

እሺ፣ 300ው ትንሽ በዛ። ግን ዝቅተኛ መግቢያ አያስፈልግም እያልክ ከሆነ አልስማማም። አቅም የሌለው አድማጭ አለ።

---

ደብተር_ያዥ

እሱ ላይ ልክ ነህ። ለእሱ ግን ወርሃዊ ካርድ ሳይሆን የአንድ ጊዜ ስጦታ ሊንክ ይበቃል። በዓመት አንዴ 10 ዶላር የሚሰጥ ሰው በየወሩ አንድ ዶላር ከሚሰጠው የተሻለ ይደርስለታል። ወርሃዊው በዓመት 12 ሰጥቶ እጁ የሚገባው ከ7 ዶላር ያነሰ ነው።

---

ማኅበርተኛ

የአባልነት ክፍያ ላይ ስለሆናችሁ ልጠይቅ። እኛም ማኅበር አለን። አባላቱ መዋጮ በጊዜው አይከፍሉም። ቅጣት ብንጥል ይሻላል ወይስ ስም ዝርዝር ብንለጥፍ? ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ ሁሉም እኔን ነው የሚያየው።

---

የጓዳ_ድምፅ

@ማኅበርተኛ የእርስዎ ጉዳይ ሌላ ነው። የእናንተ አባል የመክፈል ግዴታ አለበት። የሰማይ_ጠባቂ ደጋፊ ፕሮግራሙን በነጻ ማድመጥ እየቻለ ወድዶ ነው የሚከፍለው። ስም ዝርዝር እንዳይለጥፉ ብቻ። በአዲስ ርዕስ ቢጠይቁ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።

@ሰማይ_ጠባቂ፣ እኔ ለትንንሽ ፖድካስቶችና የኢሜይል ጽሑፎች የአባልነት ገጽ በማደራጀት ነው የምኖረው። ጥያቄህን ገልብጬ ልመልስልህ። የሚጨመር የለም፣ የሚቀነስ ነው ያለው።

መጀመሪያ መውጫውን እንይ። ከ46 አራት ተኩል ያህል በወር ከወጣ 10 በመቶ ነው። እንዲህ ከቀጠለ አንድ ደጋፊ በአማካይ አሥር ወር ይቆያል። ዛሬ ካሉት 46 ሰዎች ከዓመት በኋላ የሚገኙት 13 ገደማ ናቸው። አዲስ ገቢዎቹ ጉድጓዱን ስለሚሞሉት ነው የቆመ የሚመስልህ።

አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ። የወጡትን ሰዎች ዝርዝር ክፈት። ብዙዎቹ መድረኮች «ራሱ ያቋረጠ» እና «ክፍያው ያልተሳካ» ብለው ለይተው ያሳያሉ። ለየብቻ ቁጠራቸውና ተመለስ። ሲያቋርጡ ምክንያት የጻፉም ካሉ አምጣልን።

ስለ ጥቅማ ጥቅሞቹ ሐሳቤን ከዚያ በኋላ እሰጥሃለሁ፣ አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልበል። አንድን ጥቅም ስመዝን መጀመሪያ የምጠይቀው ሰው ሲጨመር ሥራው ይጨምራል ወይ ብዬ ነው። ካርታህን 9 ሰው ሲወስድ ዘጠኝ ፖስታ ነው። 70 ሲሆን ሰባ ፖስታ። ግማሽ ሰዓት ወሬህም እንደዚያው። ዕድገትህ ራሱ ይቀጣሃል። ተጨማሪ ክፍሉ በዚህ በኩል ንጹህ ነው፣ ለ10ም ለ500ም ያው 18 ሰዓት ነው። ሌላ በሽታ ግን አለበት። ይከማቻል።

---

ዳንቴል_እጅ

የፖስታው ነገር ሲነሳ አላስችል አለኝ። እኔ የዳንቴል ንድፍ ነው የምሸጠው፣ ደጋፊዎችም አሉኝ። ለከፍተኛው ደረጃ በየወሩ ስቲከር እልክ ነበር። ስቲከሩ ርካሽ ነው ብዬ። ስቲከሩ አይደለም ወጪው። ሰው ቤት ይቀይራል፣ አይነግረኝም። ፖስታው ይመለሳል። «አልደረሰኝም» ይላል፣ ድጋሚ እልካለሁ። ከዚያ ሁለቱም ይደርሱታል። አንዷ ደጋፊዬ በጉምሩክ አስከፍለውኝ ነበር ብላ ጻፈችልኝ። ለስጦታ!

ሌላው ደግሞ ለደጋፊዎች ብዬ የውይይት ክፍል ከፈትኩ። 30 ሰው ገባ። ሁሉም «ሰላም» አለ። ከዚያ በኋላ የእኔ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። አዲስ ሰው ገብቶ ጭር ያለ ቤት ሲያይ የከፈለበት ፕሮግራም የሞተ ይመስለዋል። ዘጋሁት፣ ማንም አልጠየቀኝም።

---

ሰማይ_ጠባቂ

@የጓዳ_ድምፅ ከፍቼ አየሁት። ባለፉት ሦስት ወራት 14 ሰው ወጥቷል። አምስቱ ክፍያቸው ያልተሳካ ነው። እኔ ሁሉም ጠልተውኝ የሄዱ መስሎኝ ነበር!

ዘጠኙ ራሳቸው አቋርጠዋል። ምክንያት የጻፉት ስድስት ናቸው። አንዱ ሥራ አጥቷል። አንዷ ምንም ሳትል «አመሰግናለሁ» ብቻ ጽፋለች። አራቱ ግን የተባባሉ ይመስላሉ። «ላደምጠው አልቻልኩም»፣ «ተጠራቀመብኝ»፣ «ጊዜ ሳገኝ እመለሳለሁ»፣ «ሳላደምጠው መክፈሉ ከበደኝ»።

---

የጓዳ_ድምፅ

ይኸውልህ። «ተጠራቀመብኝ» የሚለውን ቃል በየገጹ አየዋለሁ።

ሰውየው ዋናውን ፕሮግራም በየሳምንቱ ያደምጣል፣ ይበቃዋል። አንተ ደግሞ ለማመስገን ብለህ በወር ሁለት ሰዓት ጨመርክበት። በሦስተኛው ወር ስድስት ያልተደመጡ ክፍሎች ተደርድረው ያያል። ስጦታው የቤት ሥራ ሆነበት። ገጹን በከፈተ ቁጥር የሚሰማው ጥፋተኝነት ነው፣ ሰው ደግሞ ጥፋተኝነት ከሚያስታውሰው ነገር ይሸሻል። ፕሮግራምህን ስለጠላ አይደለም የሚወጣው። አንዳንዱ ስለሚወደው ነው።

ስለዚህ የምፈልገው ካልተጠቀሙበት ዝም ብሎ የሚያልፍ ነገር ነው። ያለፈው ወር ያለፈው ነው፣ ዕዳ አይሆንም። ቢጠቀሙበት ደግሞ ፕሮግራሙን በነጻ የሚያደምጥ ሰው የማያገኘው ጥቅም ያለው።

አንተ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ያለ ይመስለኛል። ፕሮግራሙን ስታዘጋጅ የምትሠራበት ማስታወሻ የለህም? የትኛው ምሽት ምን እንደሚታይ የምትጽፍበት?

---

ሰማይ_ጠባቂ

አለኝ። በየወሩ መጀመሪያ ለራሴ አንድ ገጽ እጽፋለሁ። ጨረቃ የማትረብሽባቸው ምሽቶች የትኞቹ እንደሆኑ፣ ጁፒተርና ሳተርን በየት በኩል እንዳሉ፣ የተወርዋሪ ኮከብ ዝናብ ካለ ከስንት ሰዓት በኋላ መውጣት እንደሚያዋጣ። የተዝረከረከ ነው። ለሰው የሚታይ አይደለም።

---

የጓዳ_ድምፅ

ጥቅማ ጥቅምህ እሱ ነው።

ወሩ ከመግባቱ ሁለት ቀን ቀደም ብለህ ላክላቸው። አንድ ገጽ፣ ስልክ ላይ የሚነበብ። ከአራት ወይ ከአምስት ምሽት አትበልጥ። ለእያንዳንዱ ምሽት ሦስት መስመር በቂ ነው፦ መቼ ውጣ፣ ወደ የት ተመልከት፣ ምን ታያለህ። አንድ ምሽት በዓይን ብቻ የሚታይ ይሁን፣ ቴሌስኮፕ የሌለው ሰው ባዶ እጁን እንዳይቀር። ለማስታወሻው የምታጠፋው ጊዜ ቀድሞም የምታጠፋው ነው፣ ለማጽዳት ሁለት ሦስት ሰዓት ብትጨምር ነው።

ሰው ይህን ሲያገኝ ፕሮግራሙን ሰምቶ «ደስ ሲል» ብሎ ከማለፍ ይልቅ አንድ ምሽት ወጥቶ ሳተርንን ያያል። አንዴ ያየ ሰው አይወጣም። ወሩ ሲያልፍ ደግሞ ገጹም ያልፋል፣ የሚጠራቀም የለም።

---

ደብተር_ያዥ

አንድ ቴክኒካል ጥያቄ። አድማጮችህ በተለያየ ቦታ ነው ያሉት አይደል? ሰዓቱን እንዴት ልትጽፍ ነው?

---

ሰማይ_ጠባቂ

በሰዓት አልጽፍም፣ በፀሐይ ነው የምጽፈው። «ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ወደ ምዕራብ፣ ከአድማሱ አንድ ክንድ ዘርግታችሁ ሁለት ጡጫ ከፍ ብሎ» እንደዚያ። የተዘረጋ ክንድ ላይ ያለ ጡጫ አሥር ዲግሪ ገደማ ነው። በሰዓት ክልል አይቸገሩም። የኬክሮስ ልዩነት ግን ያስቸግራል። ከምድር ወገብ በስተደቡብ ርቀው ያሉ ጥቂት አድማጮች አሉኝ፣ ለእነሱ ፕላኔቶቹ በሌላ ወገን ነው የሚያልፉት። ምናልባት ለእነሱ ሁለት መስመር ማረሚያ ከግርጌ አስቀምጣለሁ።

---

ኬብል_ነጋዴ

የምትሉት ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን «27 ሰው አለ 9 ሰው ብቻ ነው የሚያደምጠው» የምትለዋ ላይ ቶሎ ፈረዳችሁ። ተጨማሪ ክፍሉን የት ነው የሚያደምጡት? ድረ ገጹ ላይ ገብተው ከሆነ ማን ያደምጣል? እኔ ዕቃ እያጠብኩ ነው ፖድካስት የማደምጠው። ስልኬ ላይ ያለው መተግበሪያ ውስጥ ካልመጣ ለእኔ የለም።

ለደጋፊ የሚሰጥ የግል አርኤስኤስ ሊንክ አለ። ያንን የተለመደው መተግበሪያህ ላይ ትለጥፋለህ፣ ክፍሉ እንደማንኛውም ይመጣል። አፕል ፖድካስት በሊንክ ማስገባት ይፈቅዳል። ስፖቲፋይ ግን ያገኘኸውን የግል ሊንክ ሁሉ አይቀበልም። ግማሹ አድማጭህ እዚያ ከሆነ ችግሩ ጥላቻም ጊዜ ማጣትም ላይሆን ይችላል። በሩ ነው የጠፋባቸው።

---

የጓዳ_ድምፅ

@ኬብል_ነጋዴ ጥሩ አመጣኸው። እውነት ነው፣ ሳላጣራ ነው የተናገርኩት። ሰማይ_ጠባቂ፣ ስንት ሰው የግል ሊንኩን እንዳስገባ መድረኩ ያሳይሃል?

---

ሰማይ_ጠባቂ

ያሳያል። 11 ብቻ። ደግሞ ሊንኩን የምልከው በእንኳን ደህና መጣህ ኢሜይሉ አራተኛ አንቀጽ ላይ ነው። አሁን ሳየው እኔም አላነበውም።

---

ኬብል_ነጋዴ

አየህ! 11 ሰው አስገብቶ 9 ካደመጠ ይኼ ውድቀት አይባልም። ተጨማሪ ክፍሉን ከመግደልህ በፊት ሊንኩን ኢሜይሉ አናት ላይ አውጥተህ፣ ለአፕል እንዴት፣ ለሌላው እንዴት ብለህ በሁለት መስመር አስረዳቸው። ከዚያ ሁለት ወር እይ።

---

የጓዳ_ድምፅ

በዚህ ግማሹን እስማማለሁ። በሩን መክፈት አለበት። ግን «ተጠራቀመብኝ» ያሉት አራቱ ሰዎች በሩን አግኝተው ነበር፣ ያላገኘ ሰው አይጠራቀምበትም። እና 18 ሰዓቱስ? ሁሉም 27 ቢያደምጡት እንኳ ይኼ ሰው ከሁለት ወር በኋላ ዋናውን ፕሮግራም ማዘግየት ይጀምራል። ያን ጊዜ የሚወጣው ሁሉም ነው።

እኔ ብሆን ሁለቱን አንድ አደርጋለሁ፣ ከዚያም ስክሪፕት የሌለው አደርገዋለሁ። በወር አንዴ የቀጥታ ጥያቄና መልስ፣ አንድ ሰዓት። ጥያቄ አስቀድመው ይልካሉ። ቀረጻውን ሳትቆርጥ ሳትቀጥል ጫፍና ጫፉን ብቻ አስተካክለህ በግል ሊንኩ ላይ ትጭነዋለህ። ጥያቄ የላከ ሰው መልሱን ለመስማት ይመጣል፣ የራሱ ነገር አለበትና።

ባለ 40ዎቹንም እዚያ ማሰብ ትችላለህ።

---

ደብተር_ያዥ

ጥሩ፣ ግን የትኛው እንደሚፈለግ በምን ያውቃል? መጠይቅ ቢልክ ሁሉም «ሁሉንም እወዳለሁ» ነው የሚለው።

---

የጓዳ_ድምፅ

መጠይቅ አልወድም። የምጠቀምበት ዘዴ አንዱን ጥቅም ለአንድ ወር ማቆም ነው። ከዚያ ማን እንደሚጠይቅ ማየት። ዳንቴል_እጅ ክፍሉን ዘግታ ማንም እንዳልጠየቃት ነግራናለች፣ ያ ከመቶ መጠይቅ ይበልጣል።

---

አሮጌው_አድማጭ

ይቅርታ ልጆች፣ እኔ አዘጋጅ አይደለሁም። ከፋይ ነኝ። ለአራት ፕሮግራም በየወሩ እከፍላለሁ። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ጊዜ አለኝ፣ ግን የአንዱንም ተጨማሪ ክፍል አድምጬ አላውቅም።

ለምን ትከፍላለህ ብትሉኝ፣ እንዳይቆምብኝ ነው። ከፕሮግራሞቹ አንዱ በየሦስት ወሩ አጭር ደብዳቤ ይልካል። ስንት ደጋፊ እንዳለ፣ ገንዘቡ ምን እንደተገዛበት፣ የሚቀጥለው ምን እንደሆነ። የማይክሮፎን ደረሰኝ ሳይቀር አያይዞልን ያውቃል። እሷን ደብዳቤ ግን አንድም ቀን ሳላነብ አላለፍኩም።

እና ሴት ልጅ፣ የጓዳ ድምፅ፣ ያልሽው ነገር አልጣመኝም። የከፈልኩበትን ነገር ሳትነግሪኝ ብታቆሚ እኔ አልጠይቅሽም። ዝም ብዬ እወጣለሁ። ያልጠየቀ ሁሉ ያልፈለገ አይደለም።

---

የጓዳ_ድምፅ

ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ እንደተናገርኩት ከሆነ ያስከፋል። ሳይነግሩ ማቆም አይደለም ያልኩት፣ ግን እንደዚያ ነው የሚመስለው። «በሚቀጥለው ወር ካርታው አይላክም፣ በምትኩ ይኼ ይመጣል፣ ካርታውን የምትፈልጉ በዚህ መልሱልኝ» ተብሎ ከወር በፊት ይነገር። መልስ የጻፈውን ቁጥር ማየት ይቻላል።

---

አሮጌው_አድማጭ

እንደዚያ ከሆነ ይሁን። እኔ ግን አሁንም መልስ አልጽፍም፣ ስንፍና ነው።

---

ቶሎ_በል

ቀድሞ መልቀቅስ? ደጋፊው ክፍሉን ከሌላው አንድ ቀን ቀድሞ ቢያገኝ ምንም ሥራ የለውም።

---

የጓዳ_ድምፅ

ሥራ የለውም፣ ልክ ነህ። ተከታታይ ታሪክ ለሚተርክ ሰው ወርቅ ነው፣ «ቀጥሎ ምን ሆነ» ብሎ የሚጠብቅ ሰው አለውና። ስለ ሳተርን ቀለበት የሚያወራ ክፍል ማክሰኞ ቢመጣ ረቡዕ ለአድማጩ ያው ነው። ከሌላው ጋር ብትጨምረው አይጎዳም፣ ሰው ግን ለእሱ ብሎ አይከፍልም።

---

ደብተር_ያዥ

ዓመታዊ ክፍያን ማንም አላነሳም። ላንሳው።

5 ዶላር በወር እንበል፣ ዓመታዊው 50፣ ሁለት ወር በነጻ። አዘጋጆች «10 ዶላር ከሰርኩ» ይላሉ። ኮሚሽኑን አስቡት። በየወሩ የሚከፍል ሰው ዓመቱን ከሞላ አዘጋጁ እጅ 48.66 ይገባል። ባንዴ 50 የከፈለ ሰው 43.25 ያስገባል። 30 ሳንቲሟ አሥራ ሁለት ጊዜ ሳይሆን አንዴ ነው የምትቆረጠው። ልዩነቱ 5 ዶላር ተኩል አይሞላም።

አሁን የጓዳ_ድምፅ ያሰላችውን አምጡ። ወርሃዊው ሰው በአማካይ አሥር ወር ነው የሚቆየው፣ ማለትም 40 ዶላር ከ55 ሳንቲም። ስለዚህ ዓመታዊው በዚህ ሰው ሁኔታ ይበልጣል። መቁረጫው አሥር ወር ተኩል አካባቢ ነው። ደጋፊህ በአማካይ ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ቅናሹ ኪሳራ ነው፣ በታች ከሆነ ትርፍ። ደግሞም በዓመት አንዴ የሚከፍል ሰው ካርዱ የሚበላሸው አንዴ ነው፣ አሥራ ሁለት ጊዜ አይደለም።

---

የጓዳ_ድምፅ

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ዓመታዊ የወሰደ ሰው ገንዘብ የዓመት ሥራ ዕዳ ነው። ፕሮግራሙን ከስድስት ወር በኋላ ልታቆም የምታስብ ከሆነ አትክፈተው። እና ከመታደሱ ሁለት ሳምንት በፊት አስታውሳቸው። ሳያስበው 50 ዶላር የተቆረጠበት ሰው ተመላሽ ይጠይቃል፣ ባንኩ ጋ ከሄደ ደግሞ ቅጣቱ አንተ ላይ ነው።

ክፍያቸው ላልተሳካው አምስቱ ዛሬውኑ ጻፍላቸው። አውቶማቲክ ኢሜይሉን ማንም አያነበውም። ከራስህ አድራሻ፣ በሁለት መስመር፦ «ካርድህ ሳያልፍ ቀርቶ ከደጋፊ ዝርዝር ወጥተሃል። ሆን ብለህ ከሆነ ምንም አይደለም፣ ካልሆነ ሊንኩ ይኸው።» ሆን ብሎ ላቋረጠው መውጫ መተውህ አስፈላጊ ነው፣ አለበለዚያ ልመና ይሆናል።

---

ሰማይ_ጠባቂ

እሺ፣ ሁሉንም አንብቤ እንዲህ አሰብኩ። ደረጃዎቹ ሁለት ይሆናሉ። 5 ዶላር የወሩን ገጽና የቀጥታ ጥያቄና መልሱን ያገኛል። 15 ዶላር ያንኑ ያገኛል፣ ሲደመር በወር አንዴ በቡድን የምናወራበት ግማሽ ሰዓት። ጥያቄያቸውም በቀጥታው ላይ ቅድሚያ አለው። ስም በየክፍሉ ማንበብ ይቀራል። 46 ስም ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ነው፣ የማይከፍለው አድማጭ ከመግቢያው ይዘለዋል። አዲስ የገባ ሰው ብቻ በገባበት ወር መጨረሻ ላይ አንዴ ይጠራል። የጋሼን የሦስት ወር ደብዳቤ ለሁሉም እልካለሁ።

ሥራው በወር ስምንት ሰዓት አይሞላም መሰለኝ።

ሁለት ነገር ግን ይጨንቀኛል። ባለ 3 ዶላሮቹ 19 ሰዎች ናቸው፣ ወደ 5 ውጡ ልበላቸው? ካርታውን የሚወዱት ሰባቱ ባለ 15ቶችስ? አንዱ ሁሉንም ካርታ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ፎቶ ልኮልኛል።

---

የጓዳ_ድምፅ

ባለ 3ቹን አትንካቸው። ብዙ መድረኮች ላይ አሮጌውን ደረጃ ለአዲስ ሰው ዘግተህ ለነባሩ እንደነበረ መተው ይቻላል። በዚያው 3 ዶላር አዲሱን ገጽ ስጣቸው። አንድ ገጽ ለ19 ሰው መላክ ምንም አያስወጣህም፣ ከወደዱት የተወሰኑት ራሳቸው ይወጣሉ። ሰውን ሳትጠይቅ ዋጋ ከፍ ካደረግህበት ግን ገጹን ከፍቶ «እስቲ አስፈላጊ ነው?» ብሎ እንዲያስብ ጋበዝከው ማለት ነው።

ባለ 40ዎቹ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ደውልላቸው። ምናልባት ወሬውን ይፈልጉታል፣ ምናልባትም ድጋፉ እንዲበዛ ብቻ ነው ያንን የመረጡት። ሁለቱ ብቻቸውን ከገቢህ ከአምስት እጅ አንዱን ይዘዋል፣ በኢሜይል አይነገራቸውም።

---

ዳንቴል_እጅ

ካርታውን በዓመት አንዴ አድርገው። የዓመት ካርታ፣ በአንድ ጊዜ የሚታተም፣ በአንድ ጊዜ የሚላክ። ዓመታዊ ለከፈሉት ብቻ። አድራሻ የምትጠይቀው ከመላክህ ሳምንት በፊት ነው፣ ሲመዘገቡ አይደለም። እኔ አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው፣ የሚመለስ ፖስታ በጣም ቀነሰ።

---

ደብተር_ያዥ

በ50 ዶላር ዓመታዊ ላይ ካርታ ከጨመረ ያችን ያሰላኋትን ትርፍ በላት። 43.25 ሲቀነስ 40.55፣ ልዩነቱ 2 ዶላር ከ70 ነው። ማተሚያና ፖስታ ከዚያ ያልፋል። ለባለ 15ቱ ዓመታዊ ብቻ ቢሆን ያስኬዳል።

---

ኬብል_ነጋዴ

አንድ ነገር ሳይነሳ እንዳያልፍ። እስካሁን የተጠራቀሙት ተጨማሪ ክፍሎች ምን ይሆናሉ? እኔ ለሁሉም በነጻ ይለቀቁ ባይ ነኝ። ከአሮጌው አንዱን በየወሩ ዋናው ፕሮግራም ላይ ብታወጣ አንድ ሳምንት ዕረፍት አገኘህ።

---

አሮጌው_አድማጭ

ከፍዬ ያላደመጥኩት ነገር ለሌላው በነጻ ቢሰጥ ቅር አይለኝም። እንዲያውም ያኔ አደምጠው ይሆናል።

---

ቶሎ_በል

እኔ ቅር ይለኛል ጋሼ። የከፈለው ሰው ምን ተለየ?

---

የጓዳ_ድምፅ

እዚህ ላይ እኔም ቁርጥ ያለ ሐሳብ የለኝም። ለቀቅ አድርገው አዲስ ደጋፊ ያገኙም አይቻለሁ፣ ነባሩ አኩርፎ የወጣባቸውም አሉ። ቢያንስ ገጹ ላይ «ለደጋፊዎች ብቻ» ብለህ ጽፈህ ከሸጥከው አትልቀቀው። ምን ብለህ ነበር የጻፍከው?

---

ሰማይ_ጠባቂ

«ለደጋፊዎች ቀድሞ የሚደርስ» ነው የሚለው። መቼ ለሌላው እንደሚደርስ ግን አልጻፍኩም።

ለአምስቱ ጽፌ ነበር። ሁለቱ ወዲያው ካርዳቸውን አስተካክለው ተመልሰዋል። አንዷ ጭራሽ መውጣቷን አላወቀችም፣ «ስሜን ማንበብ ለምን ተውክ ብዬ ልጠይቅህ ነበር» አለችኝ። እንግዲህ ስም ማንበቡን ላቆም ብዬ የጻፍኩት ትናንት ነው።

---

ዳንቴል_እጅ

እሷን ለብቻዋ ጥራት በቃ!

---

የጓዳ_ድምፅ

አንድ ሰው ጠየቀ ማለት ነው እንግዲህ። ከ46 ስንቱ እንደሚጠይቅ እይና መግቢያ ላይ ሳይሆን መጨረሻ ላይ፣ በየሳምንቱ አሥር አሥር ስም አድርገህ ብታዟዙረው በአምስት ሳምንት ሁሉም ይደርሳቸዋል። ሃያ ሰከንድ ትሆናለች።